አንገቱን አሳየኝ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአጎቴ ልጅ ከሰሜን ሸዋ አንድ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ስንዴው ከተዘራ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ፎቶው ቆሞ፣ ስልኩን በደረቱ ልክ ይዞ፣ ወደ መሬት አዘንብሎ ያነሣው ነው። ጥቁር አፈር፣ ውኃ ያቆሩ አንድ ሁለት ጎድጓዳዎች፣ የቀረው ሁሉ አረንጓዴ። በመካከሉ ከሌላው ጠቆር ያለ፣ ቅጠሉም ሰፋ ያለ ቡቃያ እጅብ ብሎ ይታያል። ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ነበር፤ «ይቺ ሲናር አይደለችም?»

አየሁ፣ አየሁና «ሲናር ነው፣ ቶሎ ንቀሉት» አልኩት። ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ጎንበስ ብሎ ነቀለ። ማታ አጎቴ ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ለእኔ ግን ከቁጣ የከፋው ያ ነው። «ልጄ፣ የነቀልነው ስንዴ ነው። ፍሬው ከሥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት» አሉኝ።

ያ ቦታ በጋውን ጥጆች ሲታሰሩበት የከረመ ነው። ፍግና ሽንት የጠገበ አፈር ላይ የበቀለ ስንዴ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ይጠቁራል፣ ከጎረቤቱም ቀድሞ ይገነግናል። እኔ የፈረድኩት በቀለምና በስፋት ነበር፤ ቀለምና ስፋት ግን ስለ አፈሩ እንጂ ስለ ተክሉ ዘር የሚናገሩት ጥቂት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የቡቃያ ፎቶ ሲላክልኝ የምመልሰው መጀመሪያ አንድ ነገር ነው፤ «አንገቱን አሳየኝ።»

አንገት የምለው የቱን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ቀላሉን ልጨርስ። ማሳ ውስጥ ከሚበቅለው አረም ግማሹ በፎቶ ብዙም አያስቸግርም። መጭ፣ አሉማ፣ ቱልትና የመሳሰሉት ቅጠለ ሰፊ አረሞች ከአፈር ሲወጡ ሁለት ቅጠል በአንድ ጊዜ ዘርግተው፣ ትንሽ ቢራቢሮ መስለው ነው የሚወጡት። ባለ ሁለት ክክ ስለሆኑ ነው። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ባለ አንድ ክክ ናቸውና በመጀመሪያ የሚያወጡት አንድ ቀጭን ቅጠል ነው፤ መርፌ ይመስላል። ይህን ከቆመ ሰው ቁመት የተነሣ ፎቶም ያሳያል። የጎጃም ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ የሚነቅሉት እንግጫና ዘመዶቹም ሣር ይምሰሉ እንጂ ግንዳቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በሁለት ጣት ይዘው ሲያሽከረክሩት ጠርዙ ጣትን ይነካል፣ ቅጠሎቹም በሦስት አቅጣጫ ይወጣሉ። የእህል ቅጠል ግን በሁለት አቅጣጫ፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ እየተፈራረቀ ነው የሚወጣው።

መከራው ሣር ከሣር ሲመጣ ነው። ስንዴም፣ ገብስም፣ ሲናርም የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አንዱን ሣር ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር አበባውና ዛላው ነው፤ በሦስት ሳምንት ቡቃያ ላይ ደግሞ ያ ገና የለም። ዛላ እስኪወጣ ቢጠበቅ መለየቱ ለማንም ቀላል ነው፤ ያኔ ግን ሲናሩ የስንዴውን ማዳበሪያ በልቶ፣ ፀሐዩን ጋርዶ ጨርሷል። ስለዚህ ገበሬው ማወቅ የሚፈልገው ተክሉ ከሁሉ በላይ በሚመሳሰልበት በዚያው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ አንገቱ። የሣር ቅጠል ሁለት ክፍል አለው። የታችኛው ክፍል ግንዱን እንደ ጎራዴ ሰገባ አቅፎ ይወጣል፤ የላይኛው ከግንዱ ተለይቶ ወደ ጎን ይዘረጋል። ሁለቱ የሚገናኙበት እጥፋት ነው አንገት የምለው። ቅጠሉን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሲያጥፉት በእጥፋቱ ውስጥ፣ ከግንዱ ጋር ተለጥፎ የቆመ ስስ ነገር ይታያል፤ እሱን ምላስ እንበለው። አንዳንዱ ሣር ላይ ምላሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን ነው፤ አንዳንዱ ላይ የጸጉር ረድፍ ብቻ ነው። ከአንገቱ ግራና ቀኝ ደግሞ ግንዱን ለማቀፍ የሚዘረጉ ሁለት ትንንሽ ክንዶች የሚኖሩት ሣር አለ፣ የማይኖሩት አለ። እነሱን ጆሮ እንላቸዋለን።

ስንዴ፣ ገብስና ሲናር የሚለያዩት በእነዚህ ጆሮዎች ነው። ገብስ ጆሮው ረጅም ነው፤ ከሁለት ወገን መጥቶ ግንዱን አቅፎ፣ ጫፍና ጫፉ እርስ በርስ ይደራረባል። ጸጉር የለውም፤ ልሙጥ፣ ነጣ ያለ ነው። ስንዴም ጆሮ አለው፣ ግን አጠር ይላል፤ ዳር ዳሩ ላይ ጥቂት ጸጉር እንደ ዐይን ሽፋሽፍት ቆሞ ይታያል። ሲናር ጆሮ የለውም። አንገቱ ከሁለቱም ወገን የተላጨ ይመስላል፤ በጆሮው ፈንታ ጎላ ያለ፣ ነጭ፣ ጫፉ የተቆራረጠ ምላስ አለው፤ ከአንገቱ አጠገብም በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ብዙ ጊዜ አለፍ አለፍ ብሎ የበቀለ ጸጉር ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይደጋገማል፤ ሰው ጸጉሩን አይቶ «ጸጉር አለው፣ ስንዴ ነው» ይላል። ጥያቄው ጸጉር መኖሩ አይደለም። ጸጉሩ የቆመው ጆሮ ላይ ነው ወይስ በባዶው ጠርዝ ላይ? እሱ ነው የሚታየው።

ጆሮው አንድ ቅጠል ብቻ ባወጣ ቡቃያ ላይ ገና ስላልጠና አያስተማምንም። ሁለተኛው ቅጠል ተዘርግቶ ሦስተኛው ብቅ ሲል ግን በዐይንም ይታያል፣ በጥሩ ፎቶም ይወጣል። ሲናገሩት ቀላል ይመስላል፤ በማሳ ግን ዝናብ ጆሮውን ይሰብራል፣ ጭቃ ይደፍነዋል፣ በዕድሜ ይደርቃል። ስለዚህ አንድ ቅጠል አይቶ «ጆሮ የለውም» ማለት አይገባም። ከላይ ያለውን አዲሱን ቅጠል አንገት ማየት ነው፤ እሱ ገና አልተጎዳም።

ከጆሮው ሌላ ሲናርን የሚያጋልጥ፣ ከትንሽ ራቅ ብሎም የሚታይ ምልክት አለ። የሦስቱም ቅጠል ሲያድግ እንደ ሪባን ይጠመዘዛል። የስንዴና የገብስ ቅጠል ከላይ ሲታይ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠመዘዛል፤ የሲናርና የአጃ በተቃራኒው። አቅጣጫውን በቃል ይዞ ከመጨነቅ ይልቅ ከመስመሩ መካከል ስንዴነቱ የማያጠራጥር ቡቃያ ነቅሎ ከሚጠረጠረው ጎን አስተኝቶ ማወዳደር ይሻላል፤ ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጠመዘዙ ሲናር አይደለም። ፎቶ ላይ ግን ይህ ምልክት አንድ ወጥመድ አለበት። በስልኩ የፊት ካሜራ፣ ማለትም የራሳችንን ፊት በምናነሣበት፣ የተነሣ ፎቶ በአንዳንድ ስልክ ላይ እንደ መስታወት ግራውን ቀኝ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ያኔ ስንዴው ሲናር፣ ሲናሩ ስንዴ ይሆናል። ለዚህም ነው ማወዳደሪያው ተክል በዚያው ፎቶ ውስጥ መግባት ያለበት፤ ፎቶው ቢገለበጥ ሁለቱም አብረው ይገለበጣሉ፣ ልዩነታቸው ግን እንዳለ ይቀራል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የማምነው ምስክር ከአፈር በታች ነው። ቡቃያ ከበቀለ እስከ ሦስት አራት ሳምንት ድረስ የበቀለበት ዘር ልጣጭ ከሥሩ አይለይም። አጎቴም የኔን ስሕተት ያወቁት በዚሁ ነው። ነገር ግን ጎትቶ መንቀል ዘሩን አፈር ውስጥ ያስቀረዋል። በማረሚያው ወይም በቢላ ከጎኑ አንድ ጣት ያህል ርቆ፣ ጠለቅ አድርጎ ፈንቅሎ ከነአፈሩ ማንሣት፣ ከዚያ በውኃ ቀስ ብሎ ማጠብ ነው። በተለይ ሲናር ጠለቅ ካለ ቦታም ስለሚበቅል ዘሩ ከተዘራው ስንዴ በታች ሊገኝ ይችላል። የስንዴ ዘር ገለባ የሌለው፣ ውስጡ ተሟጦ የቀረ ቡናማ ከረጢት ነው። የገብስ ዘር ገለባው ከፍሬው ጋር የተጣበቀ፣ ቢጫማ ነው። የሲናር ዘር ጥቁር፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ገለባ ለብሶ፣ ጸጉር አብቅሎ፣ አንዳንዴም እንደ ጉልበት የታጠፈ ጭራውን ይዞ ይወጣል፤ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይስተውም። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ገብስ በሚዘራበት አካባቢ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እሱ ገለባውን ስለሚለቅ ዘሩ ብቻውን ከስንዴ አይለየውም፣ ወደ ጆሮው መመለስ ግድ ነው።

አገራችን ውስጥ ደግሞ የሲናር ነገር ከሌላው ዓለም ትንሽ ይለያል። በብዙ አገር የሚታወቀው የዱር ሲናር ሲደርስ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፋል። በኢትዮጵያ ደጋ ከዚያ ሌላ አቬና አቢሲኒካ በሚል የሳይንስ ስም የሚታወቅ፣ አገሩም እዚሁ የሆነ፣ ሲደርስ የማይረግፍ ዓይነት አለ። ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ ከገብሱ ጋር ይወቃል፣ በዚያው ወደ ጎተራ ገብቶ በሚቀጥለው ዓመት ከዘሩ ጋር በገበሬው እጅ ይዘራል። ስለዚህ በመስመር በተዘራ ማሳ ላይ «ከመስመር የወጣው አረም ነው» የሚለው ፍርድ ከራስ ጎተራ በመጣ ዘር ላይ አይሠራም፤ ሲናሩ ከእህሉ ጋር በአንድ መስመር ተሰልፎ ሊገኝ ይችላል። ከመስመር ውጭ የበቀለውም ሁሉ አረም አይደለም። አምና ከረገፈ ፍሬ የበቀለ ወፍ ዘራሽ ይኖራል፣ ጎርፍ የወሰደው ዘርም ይኖራል።

ይህ ሁሉ ምልክት እያለ ያን የመጀመሪያውን ፎቶ አይቼ ለምን ተሳሳትኩ? ምልክቱ ፎቶው ውስጥ ስላልነበረ ነው። ነገሩ ሲሰላ ግልጽ ይሆናል። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ መረጃ ለመቆጠብ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያህል ያሳንሰዋል። ፒክስል ማለት ፎቶው የተሠራባት አንዲት ነጥብ ናት። ቆሞ የተነሣ ፎቶ ቢያንስ አንድ ሜትር መሬት ይይዛል። አንድ ሜትር 1000 ሚሊሜትር ነውና ለአንድ ሚሊሜትር የሚደርሰው አንድ ነጥብና ፈሪ ብቻ ነው። የስንዴ ቡቃያ ጆሮ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ሁለት ሦስት ነጥብ ይደርሰዋል፤ ጸጉሩ ጭራሹን ምንም አይደርሰውም። ፎቶውን በጣት ዘርግቶ ማጉላት የሌለውን ነገር አያመጣም፣ ነጥቦቹን ብቻ ያተልቃል። እኔ ያን ዕለት ዘርግቼ ዘርግቼ አይቼው ነበር።

ስልኩ ወርዶ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚሸፍን ፎቶ ቢነሣስ? ያው 1280 ነጥብ አሁን ለ100 ሚሊሜትር ይከፋፈላል፤ ለአንድ ሚሊሜትር ወደ 13 ነጥብ። ጆሮው 25 ነጥብ ያህል አገኘ ማለት ነው፤ ቅርጹ ይታያል። በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲና የደቡብ ዴንማርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለኮምፒውተር ማስተማሪያ ያወጡት የቡቃያ ፎቶ ስብስብም በዚህ አካባቢ ነው ያረፈው። 960 ያህል ተክሎችን በተለያየ ዕድሜያቸው ያነሡ ሲሆን ስፋቱ ለአንድ ሚሊሜትር 10 ፒክስል ገደማ ነው። 12 ዓይነት ተክል አለበት፤ ስንዴም አንዱ ነው። በዚያ ስብስብ ላይ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የሚያምታታቸውም ቅጠለ ሰፊዎቹን አይደለም፤ ክር የመሰሉ ሁለት ሣር ነክ አረሞችን እርስ በርስ ነው። ፎቶዎቹ ከላይ ወደ ታች የተነሡ ናቸው፤ ከላይ ሲታይ ደግሞ አንገት በቅጠል ይሸፈናል።

ስለዚህ አሁን የአጎቴ ልጅ የሚያነሣው እንዲህ ነው። ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይወጣል፣ የጤዛ ጠብታ እንደ መስታወት ያብረቀርቅና ጸጉሩን ይሰውራል። ቡቃያውን ከነሥሩ አንሥቶ ያጥበዋል። በጥቁር ጨርቅ ላይ ያስተኛዋል፤ ነጭ ወረቀት ላይ ሲሆን ስልኩ ለወረቀቱ ብርሃን ሲል ቅጠሉን ያጨልመዋል፣ ነጩ ምላስና ጸጉርም ከነጩ ወረቀት ጋር ይጠፋፋል። የላይኛውን ቅጠል ወደ ኋላ አጥፎ በጣቱ ይይዘዋል። ፀሐዩን በጀርባው ይከልላል፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ጥላውን ያጠቁራልና። ከጎኑ የክብሪት እንጨት ያኖራል፤ እንጨቱ ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ልኬት ይሆነኛል። ስልኩን አንድ ስንዝር ከማይሞላ ርቀት አያስጠጋም፣ ከዚያ በቀረበ ጊዜ ካሜራው ይደበዝዝበታል፤ ይልቅ ትንሽ ራቅ ብሎ ያጎላል። በመጨረሻም ሲልክ በፎቶ ሳይሆን `File` በሚለው ይልካል፤ እንዲህ ሲሆን ቴሌግራም አያሳንሰውም። አንድ ተክል ሦስት ፎቶ አለው፤ ሙሉው ተኝቶ፣ አንገቱ፣ ከሥሩ ያለው ዘር።

ዘንድሮ ያው ጥያቄ በሌላኛው ማሳ ተነሣ። ስንዴው በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በመስመር የተዘራ ነው፤ በመስመሮቹ መካከል ብዙ ሣር ነክ ቡቃያ በቅሏል። ቅጠለ ሰፊውን ቱፎርዲ ረጭተው ጨርሰዋል። ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊ አረምን እንጂ ሣር ነክን አይገድልም፤ ሲናር ከሥሩ ተረጭቶለት ጎረቤቱ አረም ሲሞትለት ይብሱን ይመቸዋል። የአጎቴ ልጅ ለሣር ነክ የሚሆነውን ኬሚካል ሊገዛ ገንዘብ ይዞ ነበር። «አንድ ቀን ታገሥ» አልኩት።

ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በገመድ ሠርቶ፣ ማሳውን በሰያፍ እያቋረጠ አምስት ቦታ ጣለው። በየቦታው ከመስመር ውጭ ከበቀለው አራት አራት አነሣ፣ በድምሩ 20 ቡቃያ። መርጦ ሳይሆን ለገመዱ ማዕዘኖች የቀረበውን እንዲያነሣ ነገርኩት፤ ሰው መርጦ ሲነቅል ዐይኑ አረም ወደሚመስለው ይሄዳልና። ማታ 60 ፎቶ ደረሰኝ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው።

14ቱ ጆሮ የላቸውም፣ ምላሳቸው ጎላ ያለ ነው፣ ከ14ቱ የ11ዱ ዘር ጸጉራም ጥቁር ገለባ ነበር፤ የሦስቱ ዘር ተበጥሶ ቀርቷል። እነዚህ ሲናር ናቸው። አራቱ ጆሯቸው አጭር ሆኖ ጸጉር አለው፤ ስንዴ ናቸው፣ ከአንድ ቦታ፣ ጎርፍ ከወረደበት ጥግ የተነሡ። ሁለቱ አስቸገሩኝ። ቅጠላቸው ሰፊ ነው፣ የአንዱ አንገት ፎቶ ደብዝዟል። እንደገና እንዲያነሣ ለመንኩት፤ በማግስቱ ጠዋት የላከው ግንዱን አቅፎ የተደራረበ ረጅም ጆሮ አሳየኝ። ገብስ ነበር፤ ማሳው አምና ገብስ ተዘርቶበታል።

ሁለቱ ገብስ ነገሩን አከበዱት። ኬሚካሉ ለስንዴ ደኅና የሚሆነው ስንዴ በውስጡ ቶሎ ሰባብሮ ስለሚያስወግደው ነው፤ ሌላው እህል ይህን አቅም ላይኖረው ይችላል። በስንዴ ማሳ ውስጥ ሲናርን ከሚገድሉት መካከል ገብስንም የሚገድሉ አሉ። በዚያ ማሳ ውስጥ ወፍ ዘራሹ ገብስ ቢሞት ኪሳራ የለውም። አጎቴ ግን ከዚያው ማሳ ጋር በአንድ ድንበር የሚገናኝ የገብስ ማሳ አላቸው። ነፋስ ባለበት ቀን አንድ ሰው ጀርባው ላይ በተሸከመው መርጫ ቢረጭ ምን ሊደርስ እንደሚችል ሲታሰብ በድንበሩ በኩል አሥር እርምጃ ያህል በእጅ ሊታረም ተወሰነ፣ የቀረው ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ተረጨ። ከዚያም በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ሲናር በቀለ። ሲናር በአንድ ጊዜ ወጥቶ አያልቅም፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ በየተራ ይነቃል። የአንድ ቀን ፎቶ የሚናገረው ስለዚያ ቀን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ዙር በእጅ አረሙት።

ጤፍ ላይ ስንደርስ ይህ ሁሉ ዘዴ ግማሹ ይወድቃል። ጤፍ ጆሮ የለውም። ምላሱም የጸጉር ረድፍ ነው፤ ማሳው ውስጥ ከሚያስቸግሩት ሣሮች የአንዳንዶቹም እንዲሁ ነው። በመስመር ሳይሆን በብዛት በብተና ስለሚዘራ ከመስመር መውጣት የሚባል ምልክት የለም። ዘሩም ከሥሩ ላይ ቢገኝ በስልክ አይያዝም፤ 150 የጤፍ ፍሬ ክብደቱ ከአንድ የስንዴ ፍሬ ጋር ይስተካከላል ይባላል፣ ርዝመቱም አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው።

ነገር ግን ያው ትንሽነቱ ራሱ ምልክት ይሰጣል። ቡቃያ ከአፈር ወጥቶ በፀሐይ ራሱን እስኪመግብ ድረስ የሚኖረው በዘሩ ስንቅ ነው፤ የመጀመሪያዋ ቅጠል በዚያ ስንቅ ልክ ነው የምትሠራው። ጤፍ ከዚያች ቅንጣት የሚያወጣው ቅጠል ክር ነው። በጤፍ ማሳ ውስጥ በዚያው ሳምንት የበቀለ፣ የመጀመሪያ ቅጠሉ ግን አጭርና ሰፊ ሆኖ ወደ መሬት የተዘረጋ ሣር ካለ ከትልቅ ዘር የወጣ ነውና ጤፍ አይደለም። ራሱ ሲወጣ ቢጫ ጸጉራም ጭራ የሚመስለው፣ በሳይንስ ሴታሪያ ፑሚላ የተባለው ሣር እንዲህ ነው። ከአንገቱ አጠገብ በቅጠሉ ላይኛ ፊት ላይ ረጃጅም ጸጉር ተበትኖበታል፤ ሰገባው ደግሞ ከሁለት ወገን ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ነው፣ ሥሩ አካባቢም ይቀላል። ጤፍ ድብልብል ይላል። በጥቁር አፈር ላይ የሚያስቸግረው አሰንዳቦ በተቃራኒው እንደ ስንዴ ያለ ስስ ሽፋን ምላስ አለው፣ ጆሮ ግን የለውም፤ ግንዱ ከሥሩ አጠገብ ሲሰበር ቀይ ፈሳሽ ያወጣል። የጤፍ ምላስ ጸጉር ስለሆነ ይህ በአንድ የአንገት ፎቶ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

የማያልቀው የጤፍ የራሱ ዘመዶች ጉዳይ ነው። የዱር ጤፍ የምንላቸው ሣሮች ከጤፍ ጋር አንድ ወገን ናቸው፤ ከመካከላቸው ኤራግሮስቲስ ፒሎሳ የተባለው የጤፍ አያት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። በሦስት ሳምንት ዕድሜው ቅጠሉም፣ ምላሱም፣ ውፍረቱም አንድ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲላክልኝ «ጤፍ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ መመለስ ባለፈው ዓመት የሠራሁትን መድገም ነው። ሌላው ዘመዱ፣ በቅጠሉ ጠርዝ ጥቃቅን ኪንታሮት የመሰሉ ዕጢዎች ያሉት፣ ሲታሽ ይሸታል፤ ሽታ ደግሞ በቴሌግራም አይመጣም።

የአጎቴ ባለቤት ጤፍ ሲያርሙ ቡቃያውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አድርገው አንድ ጊዜ ያንከባልሉታል። ጠፍጣፋው አይንከባለልም፣ ድብልብሉ ይንከባለላል። ከዚያ ሥሩን ሰበር፣ ወደ አፍንጫ ጠጋ። ሦስት ሰከንድ አይፈጅባቸውም፤ ወደ ማሳው ዞር ብለውም አያዩም። ይህ በፎቶ ስለማይመጣ አሁን ከፎቶው ጋር ሦስት ጥያቄ እልካለሁ፤ መልሱን እሳቸው ይነግሩታል፣ ልጃቸው ይጽፈዋል። ይንከባለላል? ሲሰበር ይቀላል? ይሸታል?

ባለፈው ሳምንት ከታችኛው የጤፍ ማሳ የመጣው እንዲህ ይላል፤ «እማዬ ድብልብል ነው ብላለች። አይቀላም። አይሸትም። ግን እናንተ ያልዘራችሁበት ድንበር ላይ ነው የበቀለው ብላለች።» ፎቶውን ከፈትኩት። ጥሩ ፎቶ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ፣ የክብሪት እንጨት፣ አንገቱ ላይ የጸጉር ረድፍ ጥርት ብሎ ይታያል። ከጤፍ የሚለየው ነገር አላገኘሁበትም። ከጎኑ ያሉትን አትንኩ፣ እንጨት ተክላችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ራሱን ሲያወጣ እንደገና አንሥተህ ላክልኝ አልኩት።